ቋሚ ገቢ ሳይኖረኝ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ያቀረብኳቸው ሰነዶች

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ማብቂያ ላይ፣ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ለመቀጠል ከደብረ ታቦር ወደ ሐዋሳ እንደተመለስኩ፣ በስሜ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ወሰንኩ። የግቢውን ምግብ ትቼ ኖን ካፌ ለመሆን ተመዝግቤ ስለነበር የምግቡ ገንዘብ የሚገባበት የሒሳብ ቁጥር እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ፤ ታላቅ እህቴም በየወሩ የምትልክልኝን 2,000 ብር እስከዚያ ጊዜ ድረስ በጓደኛዬ ሒሳብ በኩል ነበር የምቀበለው። ደመወዝም ሆነ ሥራ ስለሌለኝ ዋናው ችግር እርሱ ይሆናል ብዬ ሠግቼ ነበር። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ወደ ባንኩ ያመላለሰኝ የገቢ ማነስ ሳይሆን በያዝኳቸው ሰነዶች ላይ ያለው መረጃ እርስ በርሱ አለመስማማቱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የያዝኩት የፋይዳ መታወቂያዬን፣ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያዬን፣ የተማሪነት መታወቂያዬን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፎችንና ለመክፈቻ የሚሆን 100 ብር ነበር። የመታወቂያዎቹን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ዋናዎቹንም ጨምሬ መያዜ ጠቅሞኛል፤ ባንኩ ኮፒውን ያስቀራል እንጂ ዋናውን ሳያይ አይቀበልም። ብሔራዊ ባንክ ፋይዳን ለአዲስ ሒሳብ መክፈቻ ግዴታ ያደረገው በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየደረጃው ስለሆነ፣ ቀደም ሲል በቀበሌ መታወቂያ ብቻ ሒሳብ የከፈቱ ታላላቆቻችን የሚሰጡን ምክር ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

የመጀመሪያው እንቅፋት የመጣው በፋይዳው ነው። የባንኩ ሠራተኛ ካርዱን አይታ ኮፒ በማድረግ ብቻ አልጨረሰችም፤ ቁጥሩን በኮምፒዩተሯ ላይ አስገብታ መረጃዬን በቀጥታ ከፋይዳ ሥርዓት ለመሳብ ሞከረች። ይህ እንዲሆን የመታወቂያው ባለቤት መፍቀዱን የሚያረጋግጥ ቁጥር በፋይዳ ወደተመዘገበው ስልክ በአጭር መልእክት ይላካል።

«እህቴ፣ የደረሰሽን ቁጥር ንገሪኝ» አለችኝ። ስልኬን እያየሁ ጠበቅሁ፤ ምንም አልመጣም። ለፋይዳ በተመዘገብኩበት ጊዜ የራሴ ሲም ካርድ ስላልነበረኝ የታላቅ ወንድሜን ቁጥር ማስመዝገቤ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለወንድሜ ብደውልለትም ሥራ ላይ ስለነበር አላነሳም፤ በኋላ መልእክቱን አይቶ ሲደውልልኝ ደግሞ ቁጥሩ የሚያገለግልበት ጊዜ አልፎ ነበር። በእርግጥ በጣት አሻራም ማረጋገጥ ይቻላል፤ በዚያ ቅርንጫፍ ግን መሣሪያው በዚያን ቀን አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወደ ፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ ሄጄ ስልኩን በራሴ ቁጥር አስቀየርኩ። ፋይዳን በወላጁ ወይም በወንድሙ ስልክ ያወጣ ተማሪ ሁሉ ወደ ባንክ ከመሄዱ በፊት ይህን እንዲያስተካክል አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሞባይል ባንኪንግ አገልግሎቱም የሚጠቀመው በዚያው በራሱ ስልክ ስለሆነ ጥቅሙ ድርብ ነው።

በሁለተኛው ጉዞዬ የማረጋገጫው ቁጥር ወዲያውኑ ደረሰኝ፤ ስሜ፣ ፎቶዬና የትውልድ ቀኔ በሠራተኛዋ ኮምፒዩተር ላይ ታየ። ከመኖሪያ አድራሻዬ የራቀ ከተማ ላይ ስለሆንኩና ሥራ ስለሌለኝ፣ በመደበኛነት የምማር መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር እንዳመጣ ተነግሮኝ ነበርና ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አቀረብኩ። ችግሩ ደብዳቤው ከፋይዳው ጋር በአንድ ቦታ አለመስማማቱ ነው። የተወለድኩት ጥቅምት 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 13 ቀን 2006 ነው፤ ፋይዳውም በትክክል ይህንኑ ይዟል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ሰው ግን በ1999 ላይ 8 ደምሮ 2007 ብሎ ጽፏል። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ፣ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚደመረው ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ነው።

ይህ የአንድ ዓመት ስሕተት ቀላል ሊመስል ይችላል። ቀኑ ግን መስከረም 30፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10 ቀን 2025 ስለነበር፣ በደብዳቤው መሠረት 18 ዓመት ሊሞላኝ ገና ሦስት ቀን ይቀረኝ ነበር። 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ ሒሳብ የሚከፍተው በወላጁ ወይም በሞግዚቱ በኩል ነው። ሠራተኛዋ ፋይዳውን አምና ልትቀጥል ብትፈልግም ኃላፊዋ ፋይሉ ውስጥ የሚጋጭ ሰነድ ሊቀመጥ አይገባም አሉ፤ ውሳኔያቸው ያን ዕለት ቢያበሳጨኝም ተገቢ እንደነበር አምናለሁ። ደብዳቤውን በሁለት ቀን አስተካክዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ቢሮ ደብዳቤ ከመቀበሌ በፊት እዚያው ቆሜ ስሜን እስከ አያቴ፣ የትውልድ ቀኔንም በሁለቱም አቆጣጠር ከፋይዳው ጋር አመሳክራለሁ።

በሦስተኛው ቀን የቀረው ቅጹን መሙላት ነበር፤ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቅጹ ሥራን፣ የገንዘብ ምንጭንና ግምታዊ ወርሃዊ ገቢን ይጠይቃል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ተማሪ ካልሽ አይከፍቱልሽም፣ ነጋዴ በይ» ብሎ መክሮኝ ነበር። ምክሩን ባለመስማቴ ደስ ይለኛል፤ ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፊርማው ሐሰት እያረጋገጠ ነው። እኔ በሥራ ቦታው «ተማሪ»፣ በገንዘብ ምንጭ ቦታው «ከቤተሰብ የሚላክ ድጋፍና የምግብ ክፍያ» ብዬ ጻፍኩ፤ በገቢው ቦታ ደግሞ ባዶ ወይም ዜሮ ከመተው ይልቅ በእርግጥ ወደ ሒሳቡ ይገባል ብዬ የምጠብቀውን ወርሃዊ መጠን ገመትኩ። ማንም የደመወዝ ማስረጃ አልጠየቀኝም።

ይህ ግምት ለይስሙላ የሚሞላ እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው። አጎቴ ላፕቶፕ እንድገዛበት 60,000 ብር በአንድ ጊዜ ሲልክልኝ፣ ከቅርንጫፉ ተደውሎ ገንዘቡ ከማን እንደመጣና ለምን እንደሆነ ተጠየቅሁ። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል የወጣው ሕግ ባንኮች ደንበኛቸውን እንዲያውቁና የሒሳቡን እንቅስቃሴ እንዲከታተሉ ያስገድዳል። የላኪውን ስምና ዝምድናውን ነግሬ፣ የግዢውን ደረሰኝ አሳይቼ ጉዳዩ በዚያው አለቀ። ነገር ግን የገባው የራሴ ያልሆነ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የምመልሰው አይኖረኝም ነበር። በግቢያችን «ብር የሚገባልኝ አለ፣ ሒሳብሽን ላንዴ ልጠቀምበት» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ ለአንዳቸውም ፈቃደኛ አልሆንኩም፤ ወደፊትም አልሆንም።

በመጨረሻ የፈረምኩት የፊርማ ናሙና ነው። በችኮላ ከሁልጊዜው አሳጥሬ ስለፈረምኩ፣ የኤቲኤም ካርዱ እስኪደርስልኝ በደብተር ገንዘብ ለማውጣት በሄድኩ ጊዜ ፊርማዬ ከናሙናው ጋር አልገጥም ብሎ ሦስት ጊዜ እንድፈርም ተደርጌያለሁ፤ ናሙናውንም በዚያው ቀን ዘወትር በምፈርመው ፊርማ አስቀየርኩት።