ከ423 ወደ 512

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ለአማካሪዬ የምጽፈው ደብዳቤ ነው መሰለኝ። የሕፃናት አመጋገብ ጥናቴ የናሙና ብዛት ከፓይለቱ፣ ማለትም ከትንሹ ሙከራ፣ በኋላ ለምን እንዳደገ ማስረዳት አለብኝ።

423ን እኛ ክፍል የማያውቀው የለም። የምንለካው ነገር በ50 በመቶው ልጆች ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመት፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ይሁን ሲባል 384 ይወጣል። ለማይገኙ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርበት 423። የእኔም ፕሮፖዛል በዚሁ ነው ያለፈው።

ፓይለቱ ግን ሌላ ነገር አሳየን። ከ6 እስከ 23 ወር የሆነ ልጅ አለባቸው ከተባሉ 40 የኮንዶሚኒየም ቤቶች በ10ሩ፣ ተመላልሰንም እናትየዋን አላገኘናትም። አንደኛው ቤት በሩ ተቆልፏል፤ ደጃፉ ላይ የታጠበ የሕፃን ካልሲ ተሰጥቷል።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ዶክተር፣ ከአራት ቤት አንዱ የሚያመልጠን ከሆነ 384ን ለ0.75 ማካፈል አለብን፤ 512 ይመጣል። 25 በመቶ ብንደምርበት 480 ነው። ከ480 ላይ ሩቡ ሲጎድል ግን የሚተርፈን 360 ብቻ ነው።»

ቁጥሩን የሚቀንስ መንገድም ነበር። ካገኘናቸው 30 እናቶች ውስጥ ልጃቸው ባለፈው ቀን ከ8ቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን የበላላቸው 9ኙ ናቸው። በ50 በመቶው ፋንታ ይህን 30 በመቶ ባስገባ 384ቱ ወደ 323 ይወርዳል። ግን በ30 ሰው ላይ ምን ያህል ይታመናል? እውነተኛው ከ15 እስከ 50 በመቶ ገደማ የትም ሊሆን ይችላል። 50ውን አልነካሁትም። ያላገኘናቸው ሰዎች ቁጥርም ያው ከትንሽ ፓይለት የመጣ ነው፤ ከ13 እስከ 41 በመቶ ሊዋዥቅ ይችላል። ቢሆንም ዝቅተኛው ጫፍ እንኳ ከ10 በመቶ ይበልጣል። ለመጨመር የሚበቃ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ግን ሐሳቤ እነዚያ 10 ቤቶች ላይ ቀረ። 512 ቤት ብናንኳኳም የምናገኘው ቤት የምትውለውን እናት ነው። በማለዳ ወጥታ ሲመሽ የምትገባዋ አሁንም ታመልጠናለች። ቁጥሩ ይሞላል፣ እሷ ግን የለችበትም። የልጇ አመጋገብ ደግሞ ቤት ከምትውለዋ ልጅ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የተሻለም፣ የባሰም። ቅዳሜና እሑድ፣ አመሻሽ ላይም እንድንሄድ ደብዳቤው ላይ ጨመርኩ። የመረጃ ሰብሳቢዎቹ አበል ከፍ ይላል፣ ግን ከቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገን እሱ ነው።

አንዷን አመሻሽ ላይ አገኘናት እንበል። ትናንት ልጁ ምን በላ ስንላት የምትነግረን ሞግዚቷ የነገረቻትን ነው። ቀኑን ሙሉ የምታበላው ሞግዚቷ ከሆነች፣ መጠየቅ ያለብን ማንን ነው? መጠይቁ «እናት» ነው የሚለው። ደብዳቤውን ገና አልላክሁትም።