ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ብሎክ፦ የራሴን `malloc` እና `free` ስጽፍ

የጻፍኩት `malloc` ፈተናዎቹን ሁሉ አልፎ ነበር። ከአንድ አነስተኛ የጽሑፍ መተንተኛ ፕሮግራም ጋር ሳገናኘው ግን ፕሮግራሙ አንዳችም የስሕተት መልእክት ሳያወጣ አንዱን የፕሮሰሰር ኮር ሙሉ በሙሉ ይዞ ቆመ። የሆነውን ለማስረዳት አስቀድሜ ብሎኮቹን በምን መልክ እንዳስቀመጥኳቸው መግለጽ ይኖርብኛል።

በመጀመሪያ `sbrk` በመጥራት 4096 ባይት ከሥርዓተ ክወናው ወሰድኩ። እያንዳንዱ ብሎክ በመነሻው ላይ 8 ባይት የሆነ ሄደር፣ በመጨረሻው ላይ ደግሞ የሄደሩ ቅጂ የሆነ 8 ባይት ፉተር አለው፤ ሁለቱም የብሎኩን ጠቅላላ መጠን ይይዛሉ። መጠኑ ሁልጊዜ የ16 ብዜት ስለሆነ የታችኞቹ አራት ቢቶች ምንጊዜም ዜሮ ናቸው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ቢት «ተይዟል» ለሚለው ምልክት ተጠቀምኩበት። ነጻ በሆነ ብሎክ ውስጥ የተጠቃሚው ቦታ ባዶ ስለሆነ፣ ቀጣዩንና ቀዳሚውን ነጻ ብሎክ የሚያመለክቱትን ሁለት ፖይንተሮች እዚያው አስቀመጥኳቸው። የነጻ ብሎኮች ዝርዝር በዚህ ዘዴ ተጨማሪ ቦታ አይፈጅም፤ ነገር ግን ማንኛውም ብሎክ ከ32 ባይት ሊያንስ አይችልም። በሂፑ ሁለት ጫፎች ላይ «ተይዟል» የሚሉ ባለ 8 ባይት አጥሮች አቆምኩ፤ ብሎኮች ሲዋሐዱ ከሂፑ ወሰን ውጭ እንዳይሻገሩ ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ ያለው 4080 ባይት የሆነ አንድ ነጻ ብሎክ ነው።

ተጠቃሚው `n` ባይት ሲጠይቅ የሚያስፈልገው የብሎክ መጠን እንዲህ ይሰላል፦

```c
if (n > SIZE_MAX - 31) return NULL;
size_t need = (n + 16 + 15) & ~(size_t)15;
if (need < 32) need = 32;
```

የመጀመሪያው መስመር የተጨመረው ዘግይቶ ነው። እርሱ ከሌለ እጅግ ትልቅ ቁጥር ሲጠየቅ ድምሩ ተጠቅልሎ ትንሽ ይሆንና፣ ጠያቂው ብዙ ቦታ ያገኘ መስሎት 32 ባይት ብቻ ይሰጠዋል።

ብሎክ መክፈል ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ትራፊው ሲያንስ ብቻ ነው። ለምሳሌ 224 ባይት የሆነ ነጻ ብሎክ ቢገኝና ተጠቃሚው 190 ባይት ቢጠይቅ፣ የሚያስፈልገው 208 ስለሆነ 16 ባይት ይተርፋል። ያንን ትራፊ ራሱን የቻለ ብሎክ ማድረግ አይቻልም፤ ሄደሩና ፉተሩ ብቻ ይሞሉታል፣ ሁለቱ ፖይንተሮች ደግሞ በፉተሩና በሚቀጥለው ብሎክ ሄደር ላይ ይጻፋሉ። ስለዚህ ትራፊው ከ32 ካነሰ ብሎኩ ሳይከፈል ሙሉውን ይሰጣል። ያኔ በሄደሩ ላይ የሚጻፈው መጠን 208 ሳይሆን 224 መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በሂፑ ላይ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲኬድ እርምጃው 16 ባይት ቀድሞ ያርፍና፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆናል።

አንድ ብሎክ ነጻ ሲደረግ ከጎኑ ካሉ ነጻ ብሎኮች ጋር ይዋሐዳል። ቀጣዩን ጎረቤት በራስ መጠን ማግኘት ይቻላል። ቀዳሚውን ለማግኘት ግን ፉተሩ ያስፈልጋል፤ ከእኔ ሄደር በፊት ያሉት 8 ባይቶች የቀዳሚው ፉተር ስለሆኑ የእርሱን መጠንና ሁኔታ ይነግሩኛል። ይህን ዘዴ ዶናልድ ክኑት ገልጾታል፤ ጥቅሙም ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ሳይፈልጉ ጎረቤትን በአንድ ንባብ ማወቅ ነው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ 50 ባይት የጠየቀ ሰው 80 ባይት ይወስዳል።

አሁን ወደ ቆመው ፕሮግራም ልመለስ። ችግሩን እየቆረጥኩ ሳሳንሰው ሦስት ብሎኮች ብቻ ቀሩ። በቅደም ተከተል 100፣ 200 እና 50 ባይት ጠየቅሁ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ ልበላቸው። መጠናቸው 128፣ 224 እና 80 ባይት ሲሆን፣ ሄደሮቻቸው ከሂፑ መነሻ 8፣ 136 እና 360 ላይ ያርፋሉ። የቀረው 3648 ባይት በ440 ላይ የሚጀምር ነጻ ብሎክ ነው፤ እርሱን ቀሪው ብዬዋለሁ። ከዚያ በመጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ሐን፣ በመጨረሻ ለን ነጻ አደረግሁ። ነጻ የሆነውን ብሎክ ሁልጊዜ በዝርዝሩ ራስ ላይ እጨምር ነበር።

ሀ ነጻ ሲሆን ዝርዝሩ «ሀ፣ ቀሪው» ሆነ። ሐ ነጻ ሲሆን ከቀሪው ጋር ተዋሕዶ 3728 ባይት ሆነና በዝርዝሩ ራስ ላይ ተመዘገበ። ይሁን እንጂ የተዋጠውን ቀሪውን ከዝርዝሩ አላወጣሁትም ነበር፤ ስለዚህ ዝርዝሩ «ሐ፣ ሀ፣ ቀሪው» ሆነ፤ ቀሪው በሐ ሆድ ውስጥ ሆኖ እያለ ማለት ነው። ለ ነጻ ሲሆን ደግሞ ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ጋር ተዋሐደ፤ ውሕዱ የሚጀምረው ከሀ ሄደር ስለሆነ፣ ኮዱ አስቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሀን እንደ አዲስ በዝርዝሩ ራስ ላይ ጨመረው። የሀ ቀጣይ ሐ ሆነ፤ የሐ ቀጣይ ግን ከመጀመሪያው ሀ ነበር። ዝርዝሩ ወደ ቀለበት ተለወጠ።

ፕሮግራሙ 5000 ባይት ሲጠይቅ የሚበቃ ብሎክ ስላልነበረ፣ ፍለጋው `sbrk` እንደገና ከሚጠራበት መስመር ሳይደርስ በቀለበቱ ውስጥ ለዘላለም ይዞር ነበር። ይህን ያወቅሁት በ`gdb` አስቁሜ ሉፑን ደረጃ በደረጃ ሳስኬደው ነው፤ የብሎኩ አድራሻ በ352 ባይት በሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይመላለሳል፤ 360 ሲቀነስ 8 ማለት ነው።

የተስተካከለው ኮድ ይህ ነው፤ ስሕተቱ በነበረበት ጊዜ የጎደሉት `unlink_free` የሚሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፦

```c
static block *coalesce(block *b) {
    block *n = next_block(b);
    if (!is_alloc(n)) {
        unlink_free(n);
        set_free_size(b, size(b) + size(n));
    }
    if (!prev_alloc(b)) {
        block *p = prev_block(b);
        unlink_free(p);
        set_free_size(p, size(p) + size(b));
        b = p;
    }
    return b;
}
```

የከነከነኝ ፈተናዬ ይህንን ለምን እንዳላየው ነው። ፈተናው እነዚሁን ሦስት ብሎኮች በዚሁ ቅደም ተከተል ነጻ አድርጎ ሲያበቃ 4064 ባይት ይጠይቅ ነበር፤ 16 ሲጨመርበት ልክ 4080 ስለሚሆን፣ ከተሰጠ ሁሉም ተዋሕደዋል ብዬ ደምድሜ ነበር። በእርግጥም ተዋሕደዋል፤ ሄደሮቹና ፉተሮቹ ትክክል ነበሩ። ሀ በዝርዝሩ ራስ ላይ ስለነበረ ፍለጋው በመጀመሪያው እርምጃ አገኘውና ቀለበቱን ሳይነካው ተመለሰ። እኔ የፈተንኩት ሂፑን ነው፤ የተበላሸው ደግሞ ዝርዝሩ ነበር። አንዱ እውነት በሁለት ቦታ ተጽፎ ሳለ አንዱን ብቻ ማየቴ ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ `malloc` እና `free` በኋላ የሚጠራ መርማሪ ፋንክሽን ጻፍኩ። በመጀመሪያ ከአጥር እስከ አጥር በመጠን እየተራመደ ነጻ ብሎኮችን ይቆጥራል፤ ሄደር ከፉተር ጋር መስማማቱንና ሁለት ነጻ ብሎኮች ጎን ለጎን አለመቀመጣቸውንም ያያል። ቀጥሎ ዝርዝሩን ተከትሎ ይቆጥርና ሁለቱን ቁጥሮች ያነጻጽራል። የዝርዝሩ ቆጠራ የሂፑን ቁጥር ካለፈ ወዲያው ያቆማል፤ ቀለበት ቢኖር መርማሪው ራሱ እንዳይጠመድ ነው። በስሕተተኛው ኮድ ላይ ሳስኬደው ሐ ነጻ እንደተደረገ፣ ሂፑ ሁለት ነጻ ብሎኮች ሲኖሩት ዝርዝሩ ግን ሦስት እንዳለው አሳየኝ። ቀለበቱ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ይኸው ስሕተት ሌላ መልክም ነበረው። ለን ነጻ ሳላደርግ 3000 ባይት ብጠይቅ ሐ ለ3024 እና ለ704 ይከፈላል፤ የቀሪው ሄደር ደግሞ ለተጠቃሚው ከተሰጠው ቦታ 72 ባይት ወደ ውስጥ ይገኛል፤ ዝርዝሩ ግን አሁንም ያመለክተዋል። ተጠቃሚው ቦታውን በዜሮ ቢሞላው መጠኑ 0፣ ቀጣዩም ባዶ ፖይንተር ሆኖ ስለሚነበብ ዝርዝሩ እዚያ ያለቀ ይመስላል፤ ምንም አይወድቅም። በ`0xAB` ቢሞላው ግን መጠኑ እጅግ ግዙፍ ሆኖ ይነበብና፣ 1000 ባይት ሲጠየቅ 704ቱም ሆነ የሀ 128 ስለማይበቁ ፍለጋው ይህንን ይመርጣል፤ ከዝርዝሩ ሊያወጣው ሲል የማይሠራ አድራሻ ተከትሎ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፈተናዎቼ ሁሉ ቦታውን በ`memset` ዜሮ ያደርጉ ነበርና ይህንንም ራሴ ሸፍኜው ኖሬአለሁ። አሁን የምሰጠውን ቦታ በሙከራ ጊዜ ሁልጊዜ በ`0xAB` እሞላዋለሁ።

የመጨረሻው ማስተካከያ አንድን ብሎክ ሁለት ጊዜ ነጻ ማድረግን ይመለከታል። በ`free` መግቢያ ላይ «ተይዟል» የሚለው ምልክት ከሌለ ፕሮግራሙን የሚያስቆም ፍተሻ ነበረኝ፤ በቂ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ሀ ነጻ ሳለ ለ ነጻ ሲደረግ፣ ውሕዱ በሀ ሄደር ላይ ስለሚጻፍ የለ የራሱ ሄደር «ተይዟል» እንዳለ ይቀራል። ለ እንደገና ነጻ ሲደረግ ፍተሻው ያሳልፈዋል፤ የሀ አሮጌ ፉተርም ስላልተነካ ኮዱ እንደገና ከሀ ጋር ያዋሕደዋል። የሀ መጠን ከ352 ወደ 576 ይወጣና በሕይወት ያለውን ሐን ይውጠዋል። መፍትሔው ከማዋሐድ በፊት የብሎኩን የራሱን ምልክት ማጥፋት ነው። ይህም የሚሠራው ያ ቦታ እንደገና እስኪሰጥ ድረስ ብቻ ነው፤ ከተሰጠ በኋላ በቦታው የሚነበበው የአዲሱ ባለቤት መረጃ ስለሆነ፣ ፍተሻው ትክክለኛ ሄደር ይሁን ተራ ውሂብ መለየት አይችልም።