የመሳፈሪያ ሰዓትና የመነሻ ሰዓት
የቦርዲንግ ፓስ ፎቶ አንብቦ በረራውን በስልኬ ካላንደር ላይ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ዛሬ ስሞክር፣ በረራዬ 13:35 እንደሚነሳ መዘገበልኝ፤ ወረቀቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን 13:35 የመሳፈሪያው ሰዓት ሲሆን መነሻው 14:20 ነበር። ፕሮግራሙ በጉልህ የታተመውን ቁጥር ወስዶ፣ ከጎኑ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መለያ ሳያነብ አልፏል።

መቀመጫዬንም 28B በማለት ፈንታ 2BB ብሎ አነበበው። ይህን ያረምኩት በባርኮዱ ነው፤ የበረራ ቁጥሩ፣ መቀመጫው (028B ተብሎ) እና ቀኑ በውስጡ ስላሉ፣ ከፎቶው የተነበበውን ከእሱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ቀኑ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስለሚቆጠር 074 ማለት፣ ዓመቱ 366 ቀን ካልሆነ በስተቀር፣ ማርች 15 ነው፤ ዓመቱን ግን አብሮ ስለማይጽፍ ራሴ መሙላት ነበረብኝ።

የሚያሳዝነው፣ አብዝቼ የምፈልጋቸው ጌቱና የመነሻ ሰዓቱ ከባርኮዱ መደበኛ መስኮች ውስጥ አለመኖራቸው ነው፤ የሚገኙት ከታተመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 14:20ን ከመነሻው ከተማ የሰዓት ክልል ጋር የካላንደሩ የመጀመሪያ ሰዓት መስክ በሆነው `DTSTART` መዘገብኩ፤ ጌቱን ግን፣ ከታተመ በኋላም ሊቀየር ስለሚችል፣ በማስታወሻው ክፍል «በሰሌዳው ይረጋገጥ» ከሚል ቃል ጋር አስቀመጥኩት።