በአራተኛው ሳምንት ያልወረደው ትርታ

የምሠራው በጤና ጣቢያ ነው፤ ሕሙማን ሐኪም ጋር ከመግባታቸው በፊት ትርታና ሙቀት የምለካው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት የ38 ዓመት ልብስ ሰፊ መጣች። ከሦስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ይዟት አምስት ቀን አተኩሷታል። «ትኩሳቱ ለቆኛል ሲስተር፣ ልቤ ግን ቁጭ ብዬ እንኳ ይመታል። ስውጥ ደግሞ ጉሮሮዬን እስከ ጆሮዬ ያመኛል» አለችኝ። ትርታዋ በደቂቃ 104 ነበር። ካርዷ ላይ «ከጉንፋን በማገገም ላይ» ብዬ ጻፍኩ። እሷም ፓራሲታሞል ይዛ ተመለሰች።

ግምቴ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ትርታ በደቂቃ ወደ አሥር ገደማ ይጨምራል፤ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ የብዙ ሰው ትርታ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከኮሮና በኋላ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። የኔ ስሕተት ደረጃ ወጥታ እንደገባች የቆጠርኩትን 104 የዕረፍት ትርታ አድርጌ መውሰዴና ወዴት እየሄደ እንደሆነ አለመጠየቄ ነው።

በሳምንቱ ተመልሳ ስትመጣ ሐኪማችን የቤት ሥራ ሰጣት፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ፣ ቡና ሳትቀምስ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ከመጣ ግን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን እንድትመጣ አስጠነቀቃት። የሰባቱ ጠዋት ቁጥር 91፣ 90፣ 93፣ 92፣ 95፣ 94፣ 96 ሆነ። ባለፈው ዓመት ካርዷ ላይ የተጻፈው 74 ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቃት በአራተኛው ሳምንት ሊወርድ የሚገባው እየወጣ ነው።

ዶክተሩ እጇን እንድትዘረጋ ሲያደርጋት ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። እየበላች ሦስት ኪሎ ቀንሳለች። አንገቷን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ሲነካት «ወይኔ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ሕመሙ ከጉሮሮ ውስጥ ሳይሆን ከታይሮይድ ዕጢዋ ነበር። የደም ምርመራው የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የሚወርደው ቲኤስኤች በጣም ዝቅ ማለቱን፣ በሰውነት ውስጥ ቁጣ ሲኖር የሚጨምረው ኢኤስአር ደግሞ ከፍ ማለቱን አሳየ።

የያዛት ቫይረስ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣ የዕጢው ቁጣ ነው። ዕጢው ሲቆጣ ያከማቸው ሆርሞን ወደ ደም ይፈስሳል፤ ልብን የሚያጣድፈው እሱ ነው። ዕጢው አዲስ ሆርሞን አብዝቶ እያመረተ ስላልሆነ፣ ምርትን የሚያቆመው የተለመደው የታይሮይድ መድኃኒት እዚህ አይረዳም። ለሕመሙ አይቡፕሮፌን፣ ለትርታው ፕሮፕራኖሎል ታዘዘላት። ከስድስት ሳምንት በኋላ የጠዋት ትርታዋ 76 ሆነ። ያም ሆኖ ቲኤስኤችዋ በድጋሚ ተመረመረ፤ ክምችቱ ያለቀበት ዕጢ ለጊዜው ሊደክም ስለሚችል፣ ያኔ ትርታው ይዘገያል፣ ብርድ ብርድም ይላል። እሷ ላይ አልደረሰም።

አሁን «ጉሮሮዬን» የሚለኝ ሰው ትርታው ፈጥኖ ካገኘሁት፣ የሚያመውን ቦታ በጣቱ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ጣቱ ያረፈበትንም ካርዱ ላይ እጽፋለሁ።