የጀበናዬ ጥልፍ፦ መሀሉን ማግኘትና ጀርባውን ማጥራት

ባለፈው የጀመርኩት የጀበና ክሮስ ስቲች ሆዱ አልቆ አንገቱ ላይ ደርሻለሁ። አይዳ ላይ ጠልፋችሁ ድሩና ማጉ እኩል ወደሆነው ጨርቅ፣ ኢቭንዊቭ ወደሚሉት፣ ልትሸጋገሩ ላሰባችሁ የቆጠራውን ነገር ላካፍላችሁ።

የእኔ ጨርቅ በአንድ ኢንች 28 ክር አለው። አንድ ኤክስ ሁለት ድርና ሁለት ማግ ስለሚይዝ በኢንች 14 ኤክስ ይወጣል። ንድፉ 84 በ112 ነው፤ ለ14 ሲካፈል 6 በ8 ኢንች፣ ማለትም 15 በ20 ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በየጎኑ 8 ሴንቲሜትር ለፍሬምና ለመወጠሪያ ትቼ 31 በ36 ቆረጥኩ፤ ዳሩ እንዳይተረተር ዙሪያውን ዘመዘምኩት።

መሀሉን ለማግኘት ጨርቁን በቁመቱም በወርዱም አጥፌ፣ እጥፋቶቹን ተከትዬ በቀይ የስፌት ክር ሰፋ ሰፋ አድርጌ ወሰወስኩ። ንድፉ ላይ 84ም 112ም ተጋማሽ ቁጥር ስለሆኑ መሀሉ ካሬ ላይ ሳይሆን መስመር ላይ ነው የሚወድቀው፤ በ42ኛውና በ43ኛው፣ በ56ኛውና በ57ኛው መካከል። ስለዚህ ጨርቁ ላይም መሀል የምለው አንድ ቀዳዳ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ንድፍ ቢሆን መሀሉ ራሱ አንድ ኤክስ ይሆን ነበር። ይህን ሳያዩ የጀመሩት ንድፍ በግማሽ ኤክስ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ያን ያህል ባይታይም በኋላ ከወሰወስኩት መስመር ጋር አልገጥም እያለ ግራ ያጋባል።

ከሁሉ የጠቀመኝ የመጀመሪያውን ቀዳዳ መምረጡ ነው። መርፌው ከታች በግራ በኩል ሲወጣ፣ ከቀዳዳው በላይ በቀኝ ድርና ማጉ የሚሻገሩበትን ነጥብ አያለሁ። እዚያ ድሩ ከላይ ከሆነ እጀምራለሁ፤ ማጉ ከላይ ከሆነ አንድ ክር ፈቀቅ እላለሁ። ሁለት ሁለት ክር እስከዘለልኩ ድረስ በየትኛውም አቅጣጫ ብሄድ እያንዳንዱ ኤክስ ድሩ ከላይ ባለበት ነጥብ ይጀምራል። ማጉ ከላይ ሆኖ ካገኘሁት አንድ ክር ስቻለሁ ማለት ነው፤ ወዲያው እዚያው እፈታለሁ። ጨርቁን በሩብ ካዞራችሁት ግን ድርና ማጉ ቦታ ስለሚለዋወጡ የላይኛውን ዳር ምልክት አድርጉበት። ዘዴው የማይዘው አንድ ነገር አለ፦ አንድ ክር ወደ ጎን፣ አንድ ክር ወደ ላይ ባንድ ጊዜ ከሳታችሁ ምልክቱ ትክክል መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው በየ10 ኤክሱ፣ ማለትም በየ20 ክሩ፣ የወሰወስኩት።

ብርሃን ወሳኝ ነው። ደሴ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቁጠር አይታሰብም። በረንዳ ላይ ወጥቼ ጭኔ ላይ ጥቁር ሻሽ አነጥፋለሁ፤ በነጩ ጨርቅ ቀዳዳዎች ጥቁሩ ሲታይ ክሩ ለየብቻው ይነበባል።

ወደ ጀርባው ስመጣ፣ ቋጠሮ አልጠቀምም። ከጥልፍ ክሩ ስድስት ዘለላ አንዱን ብቻ ቀጥ አድርጌ እስባለሁ፤ ሁለት ባንድ ላይ ከሳባችሁ ነው የሚጠላለፈው። 90 ሴንቲሜትር ቆርጬ ለሁለት አጥፌ ሁለቱን ጫፍ መርፌው ውስጥ አስገባለሁ። የመጀመሪያውን ሰያፍ ስሰፋ እጥፋቱ ከጀርባ ቀለበት ሆኖ ይቀራል፤ መርፌውን በቀለበቱ አሳልፌ ስስበው ይያዛል። ከዚያ ሰያፎቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ ሄጄ፣ ስመለስ እዘጋቸዋለሁ። እንዲህ ሲሠራ ጀርባው ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ አጫጭር መስመሮች ብቻ ይታያሉ። ክሩ መገመድ ሲጀምር መርፌውን ለቅቄ አንጠለጥለዋለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ራሱ ይፈታል። ቋጠሮ የሚመስል ነገር ከተፈጠረ አትጎትቱት፤ ብዙውን ጊዜ ቀለበት ስለሆነ በመርፌ ጫፍ ሲነካኩት ይለቃል።

ያስቸገረኝ የጀበናው እጀታ ነው። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ስድስት ካሬ ባዶ ነጭ ጨርቅ አለ። ጥቁሩን ክር ከጀርባ በዚያ ላይ ካሻገራችሁት ከፊት እንደ ጥላ ይታያል፤ ሦስት ካሬ እንኳ ባዶ ላይ አልዘልም። ስለዚህ በአንገቱ ጥቁር ስፌቶች ጀርባ ክሩን እያሾለኩ እጀታው ሆዱን እስከሚነካበት ወርጄ፣ ከዚያ ወደ ላይ ጀመርኩ። ክሩ ሲያልቅም በራሱ ቀለም አራት አምስት መስመር ስር አሾልኬ ጠጋ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ጥቁሩን በነጣ ያለ ቀለም ስር መደበቅ አይቻልም፣ ያሳብቃል።

የቀረው ግራጫው እንፋሎት ነው። እሱ በአንድ ዘለላ ስለሚሰፋ የቀለበቱ አጀማመር አይሠራም፤ ጫፉን ሦስት ሴንቲሜትር ከጀርባ በጣቴ ይዤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ስፌቶች እንዲያልፉበት ላደርግ ነው።