61 ጣሳ

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩት አዲስ አበባ፣ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው። በገጠር የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ እርዳታ የሚጠየቅበትን ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ከለጋሾቻችን አብዛኞቹ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ደብዳቤው “ውድ ወገኖቻችን፣ ውሃ ሕይወት ነው” ብሎ ይጀምር ነበር። ቀጥሎ በሀገር ደረጃ ስንት ሚሊዮን ሰው ንጹህ ውሃ እንደማያገኝ ይዘረዝራል። ከዚያ ስለ ውሃ ወለድ በሽታ አንድ አንቀጽ፣ ስለ ድርጅቱ ራዕይ ሌላ አንቀጽ። መጨረሻው ላይ “የአቅማችሁን እርዱን” ይላል። ለ300 ያህል ሰው ላክነው። ገንዘብ የሰጡን 9 ሰዎች ናቸው። ከ9ኙ አብዛኞቹ ደግሞ የባልደረቦቼ ዘመዶች ነበሩ።

በጣም ከፋኝ። ሰው ጨክኖ አይደለም። ዲሲ ያለ ሰው በየሳምንቱ ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለቤተ ክርስቲያን ግንባታ ይጠየቃል፤ ይሰጣልም። የእኔ ደብዳቤ ግን እንዲያየው ያቀረበለት አንድም ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ጉድጓዱ ሊቆፈር ወደታሰበበት የሰሜን ሸዋ ቀበሌ ሄድኩ። ጊዜው የካቲት መጨረሻ ነው። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ከአንዲት እናትና ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ምንጩ ወረድን። መንገዱ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። “ሰዓታት ተጉዘው” ብዬ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር እዚያው ወደቀ። ጊዜውን የሚበላው መንገዱ አልነበረም። ምንጩ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ብዙ ጀሪካን ተሰልፎ ነበር። በበጋ ውሃው ጎድጓዳ ድንጋይ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚያቆረው። ትንሽ ይጠራቀማል፣ በጣሳ ይቀዳል፣ ደግሞ ይጠበቃል። ተራችን የደረሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ ነው።

ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። እኔ ጣሳውን ይዤ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ጀሪካኑን ያዘነብላሉ። ዝም ብዬ ቆጠርኩ። 61 ጣሳ።

“በቀን ስንቴ ይመላለሳሉ፣ እናቴ?” አልኳቸው።

“አቅሜ ሁለቴ ነው ልጄ። ሦስተኛውን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታመጣዋለች። ካልደከማት።”

ሁለተኛው ደብዳቤ “አንዱን ጀሪካን ለመሙላት 61 ጣሳ ቀዳን” ብሎ ጀመረ። ከዚያ ወደዚያች አንዲት ቤት ሂሳብ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ 6 ሰው አለ። ሦስት ጀሪካን 60 ሊትር ነው። ለአንድ ሰው 10 ሊትር ይደርሰዋል፤ መጠጡም፣ ወጡም፣ እጥበቱም ከዚያው ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ለዚህ ቤት 150 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። የሀገሪቱን ሚሊዮኖች በሙሉ ከደብዳቤው አወጣኋቸው።

ይህን ያደረግኩት በስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። ስሞል፣ ሎዌንስታይንና ስሎቪክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለሰዎች መጠይቅ አስሞልተው 5 ዶላር ይከፍሏቸዋል። ከዚያ ከዚያው ገንዘብ ላይ እንዲለግሱ ይጠይቋቸዋል። ስለ አንዲት የማሊ ሕፃን ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። በአፍሪካ ስላለው ረሃብ ቁጥር ብቻ ያነበቡት 1.14። እኔን ያስገረመኝ ሦስተኛው ቡድን ነው። የልጅቷን ታሪክና ቁጥሩን አንድ ላይ ያነበቡት የሰጡት 1.43 ብቻ ነው። ቁጥሩ ታሪኩን አላገዘውም፤ ጎተተው። እኔ ደግሞ “ታሪክም ቁጥርም ይኑረው” እያልኩ ነበር የምደክመው። የቤቷ ሂሳብ ግን እዚያችው ቤት ውስጥ ስለሚቆይ ከታሪኩ አያወጣም።

ከዚያ ብዙ የተከራከርንበት ክፍል መጣ፤ የምንጠይቀው ነገር። መጀመሪያ “በ30 ዶላር አንድ የኮንክሪት ቀለበት ይግዙ” የሚል ሐሳብ ነበረኝ። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ግድግዳው እንዳይናድ በኮንክሪት ቀለበቶች ነው የሚደገፈው። ለጋሽ “ያቺ ቀለበት የእኔ ናት” ሲል ደስ ይላል። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬ ግን አስቆመኝ። “ቀለበቱን 40 ሰው ቢገዛውና የሚያስፈልገን 12 ቢሆንስ?” አለኝ። እውነቱን ነው። ለቀለበት ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለቀለበት ነው መዋል ያለበት። ቁፋሮው፣ የአፍ ክዳኑ፣ በዙሪያው የሚለሰነው ሲሚንቶ፣ የትርፍ ውሃ መውረጃው፣ አጥሩና ፓምፑ ባዶ ኪስ ይዘው ይቀራሉ።

ስለዚህ ቀለበቷን ምሳሌ አድርገን ቃሉን ለወጥነው። “የእርስዎ ስጦታ የአንድ ቀለበት ዋጋ ያህል ነው። ገንዘቡ የሚውለው ለጉድጓዱ አጠቃላይ ሥራ ነው። ከተረፈ በዚሁ ወረዳ ለሚቀጥለው ጉድጓድ ይውላል።” ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ማንም አልተከፋም። በዚያ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው ፓምፕ በብር ሲሰላ ዋጋው ወዲያው ናረ። ገንዘቡን በቀለበት ብቻ አስረነው ቢሆን ኖሮ ፓምፑን መግዛት ያቅተን ነበር።

“ለዘላለም” የሚለውን ቃልም አወጣሁት። ይህ እኔን ራሴን ከባድ ጥያቄ ላይ ጣለኝ። “አንድ ጊዜ ይስጡ፣ መንደሩ ለዘላለም ንጹህ ውሃ ያገኛል” ሲባል ጆሮ ይገባል። ግን አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ውስጡ የሚያልቁ የላስቲክ ዕቃዎች አሉት። ዲዛይኑ ራሱ የመንደሩ ሰው ፈትቶ እንዲቀይራቸው ታስቦ የተሠራ ነው። ላስቲኩ ሲያልቅ ይታወቃል። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ካልተገፋ ውሃ አይወጣም። ቀጥሎ ጀሪካን ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። ያኔ የሚቀይረው ሰው፣ መለዋወጫ ዕቃና ትንሽ ገንዘብ ከሌለ ሴቶቹ ተመልሰው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ አንድ አንቀጽ ለውሃ ኮሚቴው ሰጠሁ። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ትንሽ ብር እንደሚያዋጣ፣ ሁለት ሰዎች ፓምፑን መፍታትና መግጠም እንደሚሠለጥኑ፣ ከበጀቱ ላይ ለመለዋወጫ የሚሆን ድርሻ እንደተቀመጠ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ “ስለ ብልሽት አስቀድመን ካወራን ማን ይሰጣል?” ብሎ ነበር። ከሁሉም በላይ መልስ የመጣልን በዚያ አንቀጽ ላይ ነው። ገጠር ያደጉ ለጋሾች በመንደራቸው ዝጎ የቆመ ፓምፕ ያውቃሉ። “በመጨረሻ ስለ ጥገና የሚያወራ ሰው አገኘሁ” ብለው የጻፉልን አሉ።

“ንጹህ” የሚለው ቃል ላይም እንደዚሁ ተጠነቀቅኩ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ በክሎሪን ታክሞ፣ ውሃው ተመርምሮ ውጤቱ ሳይመጣ “ንጹህ” አልልም። የሰሜን ሸዋው ላይ ስጋታችን ጀርም ነበር። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሌላ ጉድጓድ ስጽፍ ግን የባሰ ነገር ገጠመኝ፤ ፍሎራይድ። አይታይም፣ በማፍላት አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት ከተጠጣ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ጥርት ያለ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ፎቶ ከምርመራው በፊት ማውጣት እዚያ ውሸት ሊሆን ይችላል።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ የእናቲቱን ፊት አላወጣሁም። ጣሳውንና እጃቸውን ብቻ ነው ያነሳሁት። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ተመልሼ ሄጄ ሙሉውን አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። አንድ ቦታ ላይ “ምስኪን” ብያቸው ነበር። “ይቺን አውጣት” አሉ። “እኔ ውሃ ነው ያጣሁት።” አወጣኋት። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ደብዳቤ ላይ ያ ቃል የለም።

የምንልክበትን ጊዜም ቀየርነው። የእጅ ጉድጓድ በደረቁ ወራት፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቢቆፈር ይመረጣል። በክረምት የተገኘ ውሃ በበጋ ሊሸሽ ይችላል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ዝቅ ባለበት ወቅት የተገኘ ግን ይታመናል። ገንዘቡ ጥር ላይ እጃችን እንዲገባ ደብዳቤው ኅዳር ላይ መውጣት አለበት። ሁለተኛው ደብዳቤ ኅዳር ላይ ወጣ። ለዚያው ለ300ው ሰው ላክነው፤ 70 ሰው ሰጠ። የጎደለውን አንድ የዲሲ ማኅበር ሞላልን።

ቁፋሮው ተጀመረ። በ9 ሜትር ላይ ድፍን ዐለት ገጠመን። ውሃ የለም። ዶማና መዶሻ ከዚያ በላይ አይሄድም፤ የቁፋሮ መኪና ለማምጣት ደግሞ አቅሙ አልነበረንም። ቢሮ ውስጥ “ሁለተኛው ቦታ ውሃ እስኪሰጥ ዝም እንበል” የሚል ሐሳብ ተነሳ። ደብዳቤያችን ላይ ግን “የመጀመሪያው ቦታ ውሃ ላይሰጥ ይችላል፤ ያኔ እንነግራችኋለን” ብለን ነበር። በዚያው ሳምንት ነገርናቸው። የደረቀውን ጉድጓድ ፎቶ፣ ጥልቀቱን፣ የወጣውን ወጪና የወረዳው የውሃ ባለሙያ ያመለከተንን ሁለተኛ ቦታ ጻፍን። ገንዘቤን መልሱ ያለ አልነበረም። አራት ሰዎች ጨመሩልን። ሁለተኛው ቦታ ከቁልቁለቱ በታች፣ ወደ ወንዙ ጠጋ ያለ ነበር። በ14 ሜትር ውሃ ሰጠ።

አሁን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ቀበሌ እየጻፍኩ ነው። ደብዳቤው የሚጀምረው በአዲሱ ቀበሌ አይደለም። እንዲህ ነው የሚለው፦ “የሠራችሁት ፓምፕ ባለፈው ጥር ተበላሽቶ ነበር። ላስቲኩ አልቆ ነው። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ፈትተው በአራተኛው ቀን ጠግነውታል። ወጪውን የከፈሉት ከወርሃዊ መዋጮአቸው ነው።”