ኪኔቲክ ሰዓት ውስጥ ተራ ባትሪ እንዳታስገቡ

ከአጎቴ የወረስኩት ሴኮ ኪኔቲክ አሁን በደንብ ይሠራል። እዚህ ለመድረስ ያየሁትን ጣጣ ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኪኔቲክ “ባትሪ የማይፈልግ ሰዓት” ተብሎ ነው የሚሸጠው። እጃችን ሲወዛወዝ ከኋላ ያለችው ግማሽ ክብ ብረት ትዞራለች፤ ጥርሶቹ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በፍጥነት ያሽከረክሩና ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ያ ኤሌክትሪክ ግን ማከማቻ ይፈልጋል፤ ማከማቻው ደግሞ ያረጃል። እንደኔ 5ኤም42 ባሉት ቀደምት ሞዴሎች ማከማቻው ካፓሲተር ነበር። አዲስ ሳለ እንኳ የሚይዘው የቀናት ኃይል ነው። በኋላ ሴኮ ራሱ ቻርጅ በሚደረግ ሊቲየም ባትሪ ተካው፤ እሱ ሲሞላ ወራት ያቆያል።

ማርጀቱን መለየት ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ አድርጋችሁት ውላችሁ ማታ የኃይል መለኪያውን ቁልፍ ስትጫኑ የሰከንድ ቆጣሪው ሠላሳ ሰከንድ ይዘላል። ሙሉ ነው ማለት ነው። ጠዋት ግን ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ ካገኛችሁት ማከማቻው አልቆለታል። መለኪያው የሚያነበው ቮልቴጅን ስለሆነ ያረጀውንም ለጊዜው ሙሉ አድርጎ ያሳያል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ሰዓት ሠሪው ከፈተው፣ ካፓሲተሩን አወጣ፣ በቦታው 371 የሚባለውን ተራ ባትሪ ከተተ። ልኩ ስለሚቀራረብ ይገባል። “ይኸው፣ ከበፊቱ ይሻላል” አለኝ። ሰዓቱም ሠራ! ችግሩ 371 ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አይደለም። እጄ በተወዛወዘ ቁጥር ሰዓቱ ኃይል እየላከ ያስጨንቀዋል። ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ያብጣል፣ ያፈሳል። የኔም አፈሰሰ። ስናስከፍተው የመዳብ መነካኪያው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት በደህና የኖረ ዕቃ እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያበሽቃል። የሰዓት ሠሪው መልስ ደግሞ “ሰዓቱ አርጅቶ ነው” ነበር።

ያዳነው ሌላ ባለሙያ ነው። ዝገቱን አጽድቶ፣ መነካኪያ ምላሷ አብራ የተበየደችበትን የሚሞላ ባትሪ ገጠመለት። የያዘው የፕላስቲክ ወረንጦ ነበር፤ ብረት ከሆነ ሁለቱን ዋልታ ያገናኛል። ከባትሪው አጠገብ ያለው ጥቅል ሽቦ ከፀጉር ስለሚቀጥን ዊንጩ አንዴ ካንሸራተተ ሰዓቱ አበቃለት።

በፀሐይ የሚሠሩትም ከዚህ አያመልጡም። ሲቲዝን ኢኮ-ድራይቭም ሆነ የካሲዮዎቹ ሶላር ውስጣቸው የሚሞላ ባትሪ አለ። በብዙ ኢኮ-ድራይቭ ውስጥ ያለው ኤምቲ920 ከ371 ጋር በመጠን ስለሚመሳሰል እዚያም ያው ስህተት ይሠራል። ለነሱ የኔ ምክር መሳቢያ ውስጥ አትርሷቸው ነው፤ ባትሪው ባዶውን ሲከርም ይጎዳል። ቶሎ እንዲሞላ ብላችሁም መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትጣዱት፣ ሙቀቱ ይገድለዋል። መስኮት ዳር ይበቃዋል።

ሰዓት ሠሪው ጋ ስትሄዱ ክዳኑ ሳይከፈት “የምታስገባው ባትሪ ቻርጅ ይደረጋል?” ብላችሁ ጠይቁ። “ሁሉም አንድ ነው” ካላችሁ ሰዓታችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።